የፓኖራሚክ የጥርስ ራጅ ምን ያሳያል? ምንስ ይሸሽጋል?

የዛሬው ንግግሬ በአንድ ራጅ፣ እንዲያውም በአንድ ራጅ አንድ ጥግ ላይ የሚያተኩር ነው። የፓኖራሚክ ራጅ ሁለቱን መንጋጋዎች፣ ጥርሶችን ሁሉ፣ የመንጋጋውን መገጣጠሚያዎችና ከላይኛው ጥርሶች በላይ ያለውን የአየር ከረጢት በአንድ ምስል አጠቃልሎ ያቀርባል። በመሆኑም ሲያዩት ሁሉንም የተናገረ ይመስላል። የዛሬው ዓላማዬ በአንድ ምስል ላይ የሚታዩ ነገሮች እኩል የሚታመኑ አለመሆናቸውን ማሳየት ነው። የጥርስ መቦርቦርን፣ ተቀብሮ የቀረውን የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ፣ በጥርስ ሥር ዙሪያ የሚጠፋውን አጥንት፣ ሦስቱንም ራጁ በተለያየ የታማኝነት ደረጃ ይነግረናል።

በቅድሚያ ታካሚውን ላስተዋውቃችሁ። ለማስተማሪያ እንዲያገለግል ዝርዝሩን ቀየር አድርጌዋለሁ። የ38 ዓመት ጎልማሳ ነው። በቀኝ በኩል፣ በታችኛው መንጋጋ ጫፍ፣ ለሦስት ሳምንታት ሕመም ተሰምቶታል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ይነዝረዋል፤ ምግብም ይሰገሰግበታል። ክፍሌ እንደገባ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል፦ «ዶክተር፣ ይኼ የመጨረሻው ጥርሴ ነው፤ ይነቀልልኝ» የሚል ነበር። አፉን ስመለከት ከመጨረሻው ጥርስ የሚታየኝ ከድዱ ብቅ ያለ አንድ ነጭ ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የፓኖራሚክ ራጅ አዘዝሁ።

ምስሉ እንዴት እንደሚሠራ

ምስሉን ከማንበባችን በፊት አሠራሩን ማወቅ ይገባናል፤ ስሕተቱም እውነቱም የሚወለዱት ከዚያ ነውና። ታካሚው ቆሞ ወይም ተቀምጦ አገጩን በመደገፊያው ላይ ያደርጋል፣ የፊት ጥርሶቹንም በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዘንግ ቦይ ውስጥ ይነክሳል። የጨረሩ ምንጭ ከራሱ በስተኋላ፣ ጨረሩን የሚቀበለው ክፍል ደግሞ ከፊቱ በኩል ሆነው፣ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ከ12 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ ይዞሩታል። ጨረሩ የሚያልፈው በጠባብ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ምስሉ በአንድ ቅጽበት የተነሣ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ከአንዱ ጆሮ ጀምሮ እስከ ሌላው ጆሮ በቀጫጭን ሰንበሮች እየተጻፈ የሚሄድ ነው። ይህን ዘዴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለሕክምና አገልግሎት ያበቃው ፊንላንዳዊው ይርዮ ፓቴሮ ነበር።

በዚህ ዙሪያ ጉዞ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚወጣው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባለው አንድ ቀጠና ውስጥ ያለው አካል ብቻ ነው። ከቀጠናው ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ የወጣ ነገር ይደበዝዛል። ቀጠናው በመንጋጋ ጥርሶች በኩል ሰፋ ይላል፤ በፊት ጥርሶች በኩል ግን እጅግ ጠባብ ነው። ታካሚው ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ቢጠጋ የፊት ጥርሶቹ ቀጥነው ይታያሉ፤ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ ደግሞ ይሰፋሉ። አገጩን አብዝቶ ቢደፋ የጥርሶቹ ረድፍ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ይታጠፋል፤ ቢያቀና ደግሞ ይዘረጋል። ምላሱን ከላንቃው ጋር ካላጣበቀ በላይኛው ጥርሶች ሥር ጫፎች ላይ ጥቁር የአየር ጥላ ይንሰራፋል፤ ጀማሪ አንባቢም አጥንቱ የተበላ ይመስለዋል።

ሌላው የሐሰት ጥላ ነው። ጨረሩ ጭንቅላትን አቋርጦ ስለሚያልፍ በአንዱ ወገን ያለ ብረት በሌላው ወገንም ይታያል፤ ነገር ግን ከፍ ብሎ፣ ተልቆና ደብዝዞ ነው። የጆሮ ጉትቻ በተቃራኒው ወገን እንዲህ ያለ ነጭ ደመና ይጥላል። ስለዚህ ጉትቻው፣ የፀጉር መያዣው፣ መነጽሩና በአንገት ያለው የብረት መስቀል ከምርመራው በፊት ይወልቃሉ። መስቀሉን ማውለቅ የማይሻ ታካሚ ሲያጋጥም ምክንያቱን በአክብሮት ማስረዳት ይገባል፤ አብዛኛው ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይስማማል።

ምስሉ ከእውነተኛው መጠን በ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ይተልቃል። ወደ ጎን ያለው መጠን ከሁሉ ይበልጥ አይታመንም። ስለዚህ በዚህ ራጅ ላይ ማስመሪያ ይዞ «ይህ 4 ሚሊሜትር ነው» ማለት አይገባም። ይህን በልባችሁ ያዙት፤ አጥንቱ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የታካሚያችን ራጅ ጥሩ ሆኖ ተነሥቷል። በልማድ የታካሚው ቀኝ በምስሉ ግራ ይታያል። እንግዲህ ወደ ምስሉ ግራ ታችኛ ጥግ እንሂድ። በዚያ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ፣ ብዙዎች በእንግሊዝኛ ስሙ ዊዝደም ቱዝ የሚሉት፣ ወደ ፊት አዘንብሎ አክሊሉን በሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ ጀርባ ላይ አስደግፏል። ሁለተኛ፣ አክሊሉ በተደገፈበት ቦታ፣ በሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ አንገት ላይ፣ ጥቁር ጉድጓድ መሰል ጥላ አለ። ሦስተኛ፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው አጥንት ወደ ታች ወርዷል። ታካሚው የከሰሰው የመጨረሻውን ጥርስ ነው። ራጁ ግን ዓይናችንን ወደ ጎረቤቱ ይስበዋል።

ጥቁሩ ጥላ፦ መቦርቦር ነውን?

በራጅ ላይ ጥቁር ማለት ጨረሩ ብዙም ሳይታገድ አለፈ ማለት ነው። የጥርስ መቦርቦር ጥርሱን ማዕድኑን ስለሚያሳጣው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ከማዕድኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው እስኪጠፋ ድረስ በራጅ ላይ አይለይም። ስለዚህ ማንኛውም ራጅ የመቦርቦርን መጀመሪያ አያሳይም፤ ከታየን ጊዜ ጀምሮ ጥርሱ ብዙ ማዕድን አጥቷል። የፓኖራሚክ ራጅ ደግሞ በዚህ ላይ ሁለት ድክመቶችን ይጨምራል። ዝርዝር የማሳየት አቅሙ አፍ ውስጥ ከሚገባው አነስተኛ ራጅ በእጅጉ ያነሰ ነው። በተጨማሪም፣ በተለይ በቅድመ መንጋጋ ጥርሶች በኩል፣ የአንዱ ጥርስ ጎን በሌላው ላይ ይደራረባል። መቦርቦር የሚጀምረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥርሶች በሚነካኩበት በዚያው ጎን ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ፓኖራሚክ ራጅ አይቶ «ምንም የተቦረቦረ ጥርስ የለም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ትክክለኛው አባባል «ትልቅ መቦርቦር አልታየም» የሚለው ነው።

በታካሚያችን ጥርስ ላይ ግን ጥላው ይታያል። ምን ሊሆን ይችላል? ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ጥላው ምንም በሽታ አለመሆኑ ነው። የጥርስ አንገት ከላይ በኢናሜል፣ ከታች በአጥንት መካከል ያለ ቀጭን ቦታ በመሆኑ፣ ጨረሩ በቀላሉ ያልፍበታል፤ ጤነኛው አንገትም ጠቁሮ ይታያል። ይህ ጥላ ሽብልቅ መሳይ ነው፤ የራጁ ማዕዘን ሲቀየርም ቅርጹ ይለወጣል ወይም ይጠፋል። ሁለተኛው እውነተኛ መቦርቦር ነው። ጠርዙ የተዘበራረቀ ሲሆን ማዕዘኑ ቢቀየርም ከቦታው አይጠፋም። ሦስተኛው፣ የተደገፈው ጥርስ ግፊት የጎረቤቱን ሥር እየሟሟው መሆኑ ነው።

የኋለኞቹን ሁለቱን ለመለየት አንድ ቀላል ጥያቄ ይረዳል፦ ቦታው ከአፍ ጋር ይገናኛልን? መቦርቦር ያለ ባክቴሪያና ያለ ምግብ ቅሪት አይፈጠርም። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ በአጥንት ውስጥ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የሥር መሟሟትን አስቀድመን እንጠረጥር ነበር። የታካሚያችን ጥርስ ግን ጫፉ ከድዱ ብቅ ብሏል፤ ቀጭኑ መመርመሪያም በጎኑ ገብቶ ለስላሳ ቦታ ነክቷል። ከዚያም አፍ ውስጥ የሚቀመጥ አነስተኛ ራጅ በተለየ ማዕዘን አነሣን። ጥላው አልጠፋም። እንግዲህ መቦርቦር ነው ብለን ደመደምን። ነገሩን የደመደምነው ግን በፓኖራሚኩ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ጥያቄውን አስነሣ፣ መልሱን መመርመሪያውና ሁለተኛው ራጅ ሰጡ።

ሕመሙስ? የሁለተኛውን መንጋጋ ጥርስ በቀዝቃዛ ነገር ስንነካው ነዘረው፤ ነገር ግን ቀዝቃዛውን እንዳነሣን ወዲያው ተወው። ይህም የጥርሱ ነርቭ ቢቆጣም ገና መዳን የሚችል መሆኑን ያመለክታል። ሕመሙ ለብዙ ሰከንዶች ቢቆይ ኖሮ ሌላ ሕክምና ያስፈልግ ነበር። ራጅ የጥርስ ነርቭ ሕያው መሆኑንና አለመሆኑን አይናገርም፤ ይህን መስማት ያለብን ከታካሚው ነው።

የተቀበረው ጥርስና ነርቩ

ሕመሙ ከሁለተኛው ጥርስ ቢሆንም መቦርቦሩ የተፈጠረው ከኋላው ያለው ጥርስ አዘንብሎ ሊጸዳ የማይችል ጉድጓድ ስለሠራ ነው። እርሱ በቦታው እያለ ጉድጓዱን መድረስም ሆነ በትክክል መሙላት አይቻልም። ስለዚህ የታካሚው ጥያቄ ከፊል እውነት ነበረው። አሁን ጥያቄው ጥርሱ እንዴት ይወጣል የሚለው ነው።

በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ በአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል። በፓኖራሚክ ራጅ ላይ ቦዩ በሁለት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች መካከል እንዳለ ጥቁር መንገድ ይታያል። የጥርሱ ሥር ከቦዩ ጋር ሲደራረብ ከመደናገጥ በፊት አንድ ነገር ማስታወስ አለብን፦ ምስሉ ጠፍጣፋ ነው። ሥሩ ከቦዩ ፊት ወይም ኋላ ርቆ ሊያልፍ ይችላል፤ በምስሉ ላይ ግን ሁለቱም ተደራርበው ይታያሉ። መደራረብ ብቻውን መነካካት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሩድና ሼሃብ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ከነርቭ ጉዳት ጋር የተያያዙ ሦስት ምልክቶችን ለይተው አሳይተዋል፤ እስከ ዛሬም እናስተምራቸዋለን። አንደኛው ቦዩ ሥሩ ጋ ሲደርስ አቅጣጫውን መቀየሩ ነው። ሁለተኛው ሥሩ ቦዩን በሚያቋርጥበት ቦታ መጥቆሩ ነው። ሦስተኛው የቦዩ ነጭ መስመር መቋረጡ ነው። በታካሚያችን ራጅ ላይ ሁለቱ አሉ፦ የላይኛው ነጭ መስመር ሥሩ ጋ ይቋረጣል፤ ሥሩም እዚያው ጠቁሯል።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ጥፋት እንድናገር ፍቀዱልኝ። በሙያው ገና ጀማሪ ሳለሁ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ራጅ አይቼ «ሥሩ ከቦዩ ጋር ተደራርቧል» ብዬ ብቻ ጻፍሁ። ስለ መስመሩ መቋረጥ አንዲት ቃል አላሠፈርሁም፤ ለታካሚዋም አልነገርኋትም። ጥርሱን ነቀልሁት። በማግሥቱ መጥታ የታችኛው ከንፈሯ እንደ ደነዘዘ ነገረችኝ። ስሜቱ ለመመለስ ብዙ ወራት ፈጀ፤ ሙሉ በሙሉም አልተመለሰም። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት በጥቅሉ ሲታይ ከመቶ ታካሚዎች በአንዱ እንኳ የማይደርስ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ምልክቶች ባሉበት ጥርስ አደጋው ከፍ ይላል፤ እኔም ምልክቱን ማየት እየቻልሁ አላየሁትም። ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ሴትየዋ አደጋውን የሰማችው ከደረሰባት በኋላ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለዚህኛው ታካሚ ሦስት ገጽታ ያለውን የኮን ቢም ሲቲ ምርመራ አዘዝን። ለሁሉም ሰው የሚታዘዝ አይደለም፤ ጨረሩም ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። የፓኖራሚክ ራጅ ጨረር ከ10 እስከ 25 ማይክሮሲቨርት ያህል ሲሆን፣ ይህም ማንኛችንም ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ የምንቀበለውን ያህል ነው። ሲቲው ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። የሚታዘዘውም ውጤቱ የሕክምናውን ዕቅድ የሚለውጥ ሲሆን ብቻ ነው። በዚህ ታካሚ ላይ ለውጦታል፦ በሥሩና በቦዩ መካከል አጥንት አልነበረም፤ በቀጥታ ተነካክተዋል።

ለታካሚው ሁለት መንገዶችን አቀረብንለት። አንዱ ጥርሱን በሙሉ ማውጣት ነው። ሌላው አክሊሉን ብቻ ቆርጦ ማንሣትና ሥሮቹን ከአጥንቱ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ በቦታቸው መተው ነው። ሁለተኛው መንገድ የተቆረጠው ጥርስ ራሱ ያልተቦረቦረና በሥሩ ዙሪያ ቁስለት የሌለው መሆኑን ይጠይቃል፤ የእርሱም እንዲያ ነበር። ወደፊት ሥሮቹ ከቦታቸው ሊንቀሳቀሱና አልፎ አልፎም ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገርነው። ጥቂት አስቦ ሁለተኛውን መረጠ። አክሊሉ ከተነሣ በኋላ የጎረቤቱን ጥርስ ጉድጓድ መድረስ ተቻለና ተሞላ።

የጠፋው አጥንት

በመጨረሻ ወደ ሦስተኛው ጉዳይ ልለፍ። በጤናማ ሰው የአጥንቱ ጫፍ ኢናሜሉ ከሚያበቃበት መስመር በታች ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከዚህ በላይ ከወረደ አጥንት ጠፍቷል ማለት ነው። ቀደም ሲል በዚህ ራጅ ላይ ሚሊሜትር አይታመንም ብዬ ነበር። እንግዲህ አጥንቱን በምን እንለካለን? በንጽጽር እንለካለን። ኢናሜሉ ከሚያበቃበት እስከ ሥሩ ጫፍ ያለውን ርዝመት፣ ከዚያው መስመር እስከ አጥንቱ ጫፍ ያለውንም ርዝመት እንወስዳለን፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው እናካፍላለን። ምስሉ ሁለቱንም በአንድ ጥርስ ላይ በተቀራራቢ መጠን ስላተለቃቸው ስሕተቱ በአብዛኛው ይጣፋል።

በታካሚያችን ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ጀርባ ላይ የሥሩ ርዝመት በስክሪኑ ላይ 15 ሚሊሜትር፣ እስከ አጥንቱ ጫፍ ያለው ደግሞ 8 ሚሊሜትር ነበር። ይህ 53 በመቶ ነው። ዛሬ በምንጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው የድድ በሽታ አመዳደብ ከ15 በመቶ በታች የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከ15 እስከ 33 በመቶ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ከባድ የድድ በሽታ አለበት እንበል? አንልም። ያው አመዳደብ በሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ ጀርባ የሚታይ፣ ሦስተኛው ጥርስ ያለ ቦታው በመገኘቱ የመጣ ጉዳት ለድድ በሽታ ማስረጃ ተደርጎ እንዳይቆጠር ያዛል። ያ አጥንት የጠፋው በአካባቢው ምክንያት ነውና።

ስለዚህ ከዚያ ጥግ ወጥተን የቀሩትን ጥርሶች ለካን። ከሁሉ የባሰው በመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስና በፊቱ ባለው ጥርስ መካከል ተገኘ፦ ከ15 ሚሊሜትር 3፣ ማለትም 20 በመቶ። በአጥንቱ መለኪያ ይህ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በሽታው የሚገሠግሥበትን ፍጥነት ለመገመት 20ን ለዕድሜው ለ38 ስናካፍል 0.53 ይሆናል። ከ0.25 እስከ 1 ያለው መካከለኛ ፍጥነት ስለሆነ ታካሚው ከዚያ ይመደባል። የሚያጨስ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ቢሆን ምድቡ ሊከፋ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ሁለቱም የሉበትም።

ነገር ግን ይህ ቁጥር የትናንት ታሪክ ነው። ራጅ የጠፋውን አጥንት ያሳያል እንጂ በሽታው ዛሬ እየሠራ መሆኑን አያሳይም። ከዓመታት በፊት ታክሞ የቆመ በሽታና ዛሬ የሚነድ በሽታ በአንድ ምስል ላይ መንትያ ይመስላሉ። የሚለያቸው የድዱ መድማትና በመመርመሪያ የሚለካው የኪሱ ጥልቀት ነው። ከዚህም በላይ በጥርሱ የጉንጭና የምላስ ወገን የጠፋ አጥንት በጥርሱ ጥላ ስለሚሸፈን በዚህ ራጅ አይታይም። የታካሚያችን ድድ በብዙ ቦታ ይደማ ስለነበር በሽታው ገና ሕያው ነበር፤ የድዱም ሕክምና በዚሁ ተጀመረ።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የፓኖራሚክ ራጅ ንባብ ስትጽፉ ወረቀቱን ሦስት ቦታ እንድትከፍሉት እጠይቃችኋለሁ። በመጀመሪያው በርግጠኝነት ያያችሁትን ጻፉ፤ በዚህ ታካሚ ላይ ያዘነበለው ጥርስና የተቋረጠው የቦዩ መስመር ከዚህ ይገባሉ። በሁለተኛው የጠረጠራችሁትንና በምን እንደምታረጋግጡት ጻፉ፤ በጥርሱ አንገት ላይ ያለው ጥቁር ጥላ ከዚህ ይገባል። በሦስተኛው ምስሉ ሊያሳይ የማይችለውን ጻፉ፤ የነርቩ ሕያውነት፣ ጀማሪው መቦርቦርና የድዱ በሽታ ዛሬ መሥራት አለመሥራቱ ከዚህ ይገባሉ። ያን ጊዜ እኔ ወረቀቴን እንዲህ ከፍዬው ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ሴት ከመወሰኗ በፊት ሁሉንም ትሰማ ነበር።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።